ቆንጆዋን ልጅ ለምን ይጠምዷታል?

ቆንጆ ሰው ይወደዳል እንላለን። እውነት ነው። ግን ሐዋሳ ውስጥ አንድ ክፍል ወይም አንድ ሆቴል ገብታችሁ ነገሩን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት፣ ስሟ በክፉ የሚነሳው ልጅ ብዙ ጊዜ ያቺው የሁሉም ዓይን የሚያርፍባት ልጅ ናት። "ትጀነናለች" ይሏታል። "እሷ ምን አለባት፣ ሁሉም ነገር በመልኳ ነው" ይሏታል። ምን አድርጋባችሁ ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ቁርጥ ያለ መልስ አታገኙም። አንዷ "እንዲሁ ደስ አትለኝም" ትላለች፣ ሌላዋ ትከሻዋን ነቅንቃ ዝም።

"እንዲሁ ደስ አትለኝም" ከምትለዋ አጭር ዓረፍተ ነገር ጀርባ ምን እንዳለ ነው እዚህ የምጽፈው። ነገሩ ተራ ሐሜት አይደለም። ልጆች ትምህርት ቤት እንዲጠሉ፣ ሠራተኞች በራሳቸው ፈቃድ የለቀቁ መስለው እንዲባረሩ ያደርጋል። ደግሞም ሥነ ልቦና አጥኚዎች ለብዙ ዓመታት ሲመረምሩት የቆየ ጉዳይ ስለሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ ከሞላ ጎደል ይታወቃል።

መጀመሪያ የሚያምታታውን ነገር እናጥራ። መልክ ይጠቅማል የሚለው ሐሳብ በጥናት የተደገፈ ነው። በ1972 ኬረን ዳዮን፣ ኤለን በርሺድ እና ኢሌይን ዎልስተር የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ለተማሪዎች የማያውቋቸውን ሰዎች ፎቶ አሳዩ። ተማሪዎቹ ቆንጆዎቹን ባሕርያቸው የተሻለ፣ ኑሯቸው ደስተኛ፣ ሥራቸው የተሳካ ይሆናል ብለው ገመቱ። የሚያውቁት ፊታቸውን ብቻ ነው። በ1994 የወጣው የዳንኤል ሐመርሜሽና የጄፍ ቢድል ጥናት ደግሞ፣ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ መልካቸው ከመካከለኛ በታች ነው የተባሉ ሰዎች ከመካከለኞቹ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያነሰ ደሞዝ እንደሚያገኙ አሳየ።

ታዲያ መልክ ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ ያቺ ልጅ ለምን ትጠመዳለች? መልሱ ያለው የሚያያት ሰው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። በመልክ የሚገኘው ጥቅም በአብዛኛው የሚመጣው ከሩቅ ሰው ነው፤ ከእንግዳው፣ ከደንበኛው፣ ለአንድ ቀን ካገኛት ሰው። ጉዳቱ የሚመጣው ከጎኗ ከተቀመጠችው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ብትወጡ ሙሽሮች ፎቶ ሲነሱ ታያላችሁ። ሙሽራዋ ቆንጆ ከሆነች መንገደኛው ቆም ብሎ ያያታል፤ "እንዴት ታምራለች!" ይልና መንገዱን ይቀጥላል። ማንንም ቅር አይለውም። መንገደኛዋ ሴት ከሙሽራዋ ጋር የምትጋራው ነገር የለም። አብረው አይማሩም፣ አንድ ዕድገት አይጠብቁም፣ ነገ "አንቺስ?" ብሎ የሚያወዳድራቸው ሰው የለም። የሙሽራዋ የልጅነት ጓደኛ ግን እዚያው ሚዜ ሆና ቆማ ሌላ ስሜት ሊሰማት ይችላል። ትወዳታለች፤ እልል ትላለች፤ ውስጧን ግን አንድ ነገር ቆንጠጥ ያደርጋታል።

ሊዮን ፌስቲንገር በ1954 እንዳስረዳው ሰው ራሱን የሚመዝነው በሌላ ሰው ነው፤ በተለይ ደግሞ በሚመስለው ሰው። አብርሃም ቴሰር በ1988 ይህንኑ ይበልጥ አጠራው። የሌላ ሰው ብልጫ የሚያመን ሁለት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው አለ። አንደኛ፣ ሰውየው ቅርባችን ሲሆን። ሁለተኛ፣ የበለጠን እኛም ለራሳችን ትልቅ ዋጋ በምንሰጠው ነገር ሲሆን። የእህቴ ልጅ ጎበዝ ዋናተኛ ብትሆን እኮራለሁ እንጂ አይከፋኝም፤ ዋና ለእኔ ምኔም አይደለም። መልክ ግን፣ በተለይ በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ፣ ለማን ነው ምንም ያልሆነው? አንድ ክፍል ውስጥ 50 ልጆች ካሉ 50ዎቹም መስታወት ያያሉ።

ይህ ብቻ ቢሆን ግን መልክና የፈተና ውጤት እኩል ጥላቻ ባመጡ ነበር። መልክን ልዩ የሚያደርገው ሌላ ነገር አለ።

የሰው ብልጫ ሲያመን ሁለት መንገድ አለን። ወይ ራሳችን ወደ ላይ ለመውጣት እንሞክራለን፣ ወይ ሌላውን ወደ ታች ለመጎተት። ሆላንዳዊው ኒልስ ቫን ደ ቬን ከባልደረቦቹ ጋር በ2009 ያወጣው ጥናት እነዚህን ሁለት ዓይነት ስሜቶች ለይቶ አሳይቷል። ሁለቱም ያማሉ። አንደኛው ግን ሰውን ለሥራ ያነሳሳል፤ እኛ አገር መንፈሳዊ ቅናት የሚሉት ዓይነት ነው። ሁለተኛው ምቀኝነት ነው፤ ያቺ ልጅ ያላትን ብታጣ ደስ የሚለው ስሜት። ወደየትኛው እንደምናዘነብል በብዛት የሚወስነው ደግሞ "ይገባታል ወይስ አይገባትም?" ለሚለው ጥያቄ በልባችን የምንሰጠው መልስ ነው። ላይ መድረስ እንችላለን ብለን ማሰባችንም እንዲሁ ይወስናል።

እንግዲህ መልክን በዚህ ሚዛን አስቀምጡት። የክፍል ጓደኛዬ በሒሳብ 95 ብታመጣ ሌሊት ስታጠና እንደነበር አውቃለሁ። ቢያመኝም ይገባታል። ደግሞ እኔም ለሚቀጥለው ሴሚስተር ላጠና እችላለሁ። ቁንጅናዋ ግን አልተለፋበትም፤ ይዛው ነው የተወለደችው። እኔ ደግሞ ምንም ያህል ብለፋ ዓይኔንና አፍንጫዬን አልቀይርም። ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ ዝግ ነው። ክፍት የሚቀረው ወደ ታች መጎተት ብቻ ይሆናል። በእኔ እምነት መልክ ከጉብዝናም ከገንዘብም ይልቅ ሰውን ቶሎ ወደ ምቀኝነት የሚገፋው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሰው አለ። እሳቱን የሚለኩሰው ሦስተኛው ሰው ነው። ልጆች አንዲት ጓደኛቸው ቆንጆ ስለሆነች ብቻ ብዙም ላይከፋቸው ይችላል። የሚከፋቸው መምህሩ አርፍዳ ስትመጣ ፈገግ ብሎ ሲያስገባት፣ እነሱን ግን በር ላይ ሲያስቆማቸው ነው። ያኔ "አይገባትም" የሚለው ስሜት ማስረጃ ያገኛል። አድልዎው እውነት ነው፤ ቅሬታቸውም እውነት ነው። ጥፋቱ የመምህሩ ሆኖ ሳለ ሒሳቡ የሚወራረደው ግን በልጅቷ ላይ ነው። መምህሩን መክሰስ ያስፈራል፤ እሷን ማግለል ምንም አያስከፍልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ምቀኝነት ራሱን በስሙ አይጠራም። እኛ ዘንድ "ምቀኛ" መባል ከባድ ስድብ ነው። ለሰው ቀርቶ ለራስ እንኳ "እቀናባታለሁ" ማለት ያሳፍራል። ስለዚህ ስሜቱ ልብስ ቀይሮ ይወጣል፤ የጠባይ ክስ ይሆናል። "ታምራለች፣ ያ ደግሞ ያመኛል" የሚለው "ኩራተኛ ናት" ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ከሳሿ ምቀኛ መሆኗ ይቀርና ፍትሕ ፈላጊ ትሆናለች። ኩራተኛን መጥላት ነውር አይደለማ!

ይህ እንዴት እንደሚሄድ በአንድ ምሳሌ ልከተለው። ሐዋሳ ውስጥ ካሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ፣ 10ኛ ክፍል፣ በመስከረም አንዲት አዲስ ልጅ ከሌላ ከተማ ተዛውራ መጣች እንበል። ቆንጆ ናት፤ ዓይናፋርም ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ይቀርቧታል። የፊት ወንበር ይሰጧታል፣ የፀጉሯን ሥሪት የት እንደተሠራችው ይጠይቋታል። በሁለተኛው ወር አካባቢ የክፍሉ ወንዶች ስለ እሷ ማውራት ያበዛሉ። ከእነሱ አንዱ ደግሞ እስካሁን ከሌላ የክፍሉ ልጅ ጋር ይቀራረብ የነበረ ነው። አንድ መምህር ሰልፍ ላይ "እንደ እሷ ጽድት ብላችሁ ብትመጡ ምናለበት?" ይላል። ሊያመሰግናት ነበር፤ አጋለጣት።

ከዚያ በኋላ የልጅቷ ዝምታ ትርጉሙ ይቀየራል። መስከረም ላይ ዝም ስትል "ገና አዲስ ናት፣ አፍራ ነው" ይሏት ነበር። ኅዳር ላይ ያው ዝምታ "ንቃን ነው" ይባላል። የእሷ ጠባይ አልተለወጠም። የተለወጠው የሚያዩዋት ሰዎች ስሜት ነው። ሰላም ብላ ስታልፍ "አያችኋት፣ ለታይታ" ይባላል፤ ሳትሰማ ካለፈች "አያችኋት፣ ጅንን ስትል" ይባላል። ሁለቱም መንገድ ክስ ከሆነ፣ ክሱ ከጠባይዋ እንዳልመጣ እወቁ። ከሁሉም ምልክት ይህን አምናለሁ።

ከክሱ በኋላ ድርጊቱ ይመጣል። ድርጊቱ ዱላ አይደለም። ፊንላንዳዊቷ ኪርስቲ ላገርስፔትዝና ባልደረባዋ ካይ ቢዮርክቪስት በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳዩት፣ ልጃገረዶች ሰውን ሲጎዱ ከወንዶች ይልቅ ቀጥተኛ ያልሆነውን መንገድ ይጠቀማሉ። ስም ማጥፋት፣ ማኩረፍ፣ ከቡድን ማስወጣት፣ "ከእሷ ጋር ከሄድሽ ከእኛ ጋር አትሄጂም" ማለት። የዚህ መንገድ ጥቅሙ የሠራው ሰው አለመታወቁ ነው። የእኛ 10ኛ ክፍል ውስጥ ይህ ማለት የባዮሎጂ ግሩፕ ሥራ ሲከፋፈል የእሷ ስም የሚገባበት መጥፋት ነው። የቴሌግራም ግሩፕ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ እሷ ያለችበት፣ ሌላው እሷ የሌለችበት፣ ወሬው ሁሉ ያለበት። ከዚያ ደግሞ "ከአንድ ትልቅ ሰውዬ መኪና ስትወርድ ታየች" የሚል ወሬ ይመጣል። ሰውዬው አጎቷ ይሁን ጎረቤቷ የሚጠይቅ የለም።

ወሬው ለምን ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል እንደሚሄድ ደግሞ ምክንያት አለው። መልኳን "አታምርም" ብሎ መካድ አይቻልም፤ ሁሉም ያያታል። የሚቻለው መልኳን ጥርጣሬ ውስጥ መክተት ነው። ቁንጅናዋ የሚያስከብራት ሳይሆን የሚያሳፍራት ነገር እንዲሆን ማድረግ። ለዚህ ነው የቆንጆ ሴት ስም በብዛት በወንድ ጉዳይ የሚጠፋው።

ትሬሲ ቫያንኩር እና አንቻል ሻርማ በ2011 ያወጡት የካናዳ ጥናት ይህን ስሜት በዓይን አሳይቷል። ሁለት ሁለት ሴት ተማሪዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሳለ አንዲት ወጣት ሴት ትገባለች። አንዳንዶቹ ዘንድ ተራ ሱሪና ቲሸርት ለብሳ ገባች፤ ሌሎቹ ዘንድ ሰውነቷን የሚያሳይ አጭርና ጠበብ ያለ ልብስ። ሴትዮዋ አንድ ናት። በመጀመሪያው አለባበስ ልብ ያላት እምብዛም የለም። በሁለተኛው ግን ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ከላይ እስከ ታች ገላመጧት፤ ከወጣች በኋላ የሳቁባትና ያሟት ነበሩ። ስሟን እንኳ የማያውቁት ሴት ናት፤ ምንም አልበደለቻቸውም። ጥናቱ መልክን ብቻ ሳይሆን አለባበስንም አብሮ እንደነካ ልብ በሉ። ለብሳ ያየናትን ሴት ጠባይ የሚዳኘው ዓይናችን ግን ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ያሳያል።

ወንዶችስ? አሉበት። በካናዳ ታዳጊዎች ላይ በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት፣ መልከ መልካም መሆን ልጃገረዶችን ለስም ማጥፋትና ለመገለል ይበልጥ ሲያጋልጣቸው ለወንዶቹ ግን አደጋውን እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። ስለዚህ በትምህርት ቤት ሸክሙ የልጃገረዶች ነው ማለት ይቻላል። በሥራ ቦታ ግን መልከ መልካም ወንድም ከወንድ አለቃው ፊት ሲቆም ነገር ሊገጥመው ይችላል። ማሪያ አግቴ ከባልደረቦቿ ጋር ጀርመን ውስጥ በሠራችው ጥናት፣ ገምጋሚው ከተገምጋሚው ጋር አንድ ጾታ ሲሆን ቆንጆዎቹ ጥቅማቸውን ያጡ ነበር። ሴቶቹም፣ ወንዶቹም። አንድ ነገር ግን ይህን ያለዝበው ነበር፤ ለራሳቸው ጥሩ ግምት ያላቸው ገምጋሚዎች ያን አድልዎ አላሳዩም። ሰው በራሱ ሲረጋ የጎረቤቱ መልክ ብዙም አያስጨንቀውም።

ወደ ሥራ ቦታ ስንመጣ፣ ከማውቃቸው ጥናቶች ሁሉ ልብ የሚነካው ከእስራኤል የመጣው ነው። ብራድሊ ረፍል እና ዜኤቭ ሽቱዲነር በ2015 ያወጡት ነው። ለ2,656 ክፍት የሥራ ቦታዎች ሁለት ሁለት ሲቪ ላኩ፤ በጠቅላላው 5,312። ለአንድ ቦታ የተላኩት ሁለቱ ሲቪዎች በችሎታ አንድ ናቸው። ልዩነቱ አንዱ ፎቶ የሌለው፣ ሌላው ደግሞ ወይ የቆንጆ ወይ የተራ መልክ ሰው ፎቶ ያለበት መሆኑ ነው። ከዚያ ማን ተደውሎለት ለቃለ መጠይቅ እንደተጠራ ቆጠሩ። ቆንጆ ወንዶች 19.9 በመቶ ተጠሩ፤ ተራ መልክ ያላቸው 13.7 በመቶ። እስከዚህ የሚጠበቅ ነው። ሴቶቹ ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ብዙ የተጠሩት ፎቶ ያላስገቡት ናቸው፤ 16.6 በመቶ። ቆንጆዎቹ ከሁሉም ያነሱ ነበሩ፤ 12.8 በመቶ።

ተመራማሪዎቹ ለምን ብለው ጠለቅ አሉ። ሲቪውን የተቀበለው ቀጣሪ ኤጀንሲ ሲሆን ቆንጆ ሴቶች በመልካቸው አልተጎዱም። የተጎዱት ሲቪው በቀጥታ ወደ ራሱ ድርጅት ሲሄድ ነው። ልዩነቱን አያችሁት? ኤጀንሲ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ልጅቷን ሌላ ቦታ ነው የምትልካት። የድርጅቱ የሰው ኃይል ክፍል ሠራተኛ ግን ነገ ጠዋት አብራት ትውላለች፣ አብራት ምሳ ትበላለች። ተመራማሪዎቹም ይህን ሲያዩ ቅናት ነው ብለው ተረጎሙት። ማንም የሲቪ አንባቢዎቹን ልብ ከፍቶ አላየም፤ ትርጓሜ ነው። ግን ቅርበት ነው የሚያመው ከሚለው ጋር እንዴት እንደሚገጥም ልብ በሉ።

ከተቀጠረች በኋላ ምን ይሆናል? ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች አንድ ስሙን የማልጠራው ሆቴል ውስጥ ሪሴፕሽን ላይ አራት ሴቶች ይሠራሉ እንበል። አራተኛዋ አዲስና ቆንጆ ናት። እንግዶች ወደ እሷ ይሄዳሉ፤ ቲፑም ወደ እሷ። ሦስቱ ከእሷ በፊት ለዓመታት ሠርተዋል።

አንድ ማታ ሺፍት ሲቀያየሩ ተሰናባቿ "ሁሉም ሰላም ነው፣ ምንም የለም" ብላት ትሄዳለች። ንጋት ላይ፣ ከ12 ሰዓት ትንሽ በፊት፣ አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ እንግዳ ሻንጣቸውን ይዘው ይወርዳሉ።

"ልጄ፣ መኪናው የታለ?"

"የቱ መኪና ጋሼ?"

"አውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርሰኝ ነዋ! ትናንት ከሰዓት ተናግሬያለሁ እኮ።"

መዝገቡ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ሾፌሩ ቤቱ ተኝቷል። ልጅቷ ባጃጅ ልትፈልግ ትሮጣለች፤ ሰውዬው አምርረው ይሄዳሉ፤ ቅሬታቸው ሥራ አስኪያጁ ጋ ይደርሳል። ጠረጴዛው ላይ የነበረችው እሷ ናት፤ ስለዚህ የተጠየቀችውም እሷ ናት። ከሰዓት በኋላ ኩሽና ውስጥ አንዷ "መልክ ብቻ!" ትላለች፤ ይሳቃል።

ይህን ነገር ደግማችሁ እዩት። ማንም አልሰደባትም፣ ማንም አልነካትም። የተደረገው አንድ ዓረፍተ ነገር አለመናገር ብቻ ነው። በሥራ ቦታ የሚደረግ ምቀኝነት በብዛት መልኩ ይሄ ነው። ከሚደረገው ይልቅ የማይደረገው ይበዛል፦ የማይነገር ስብሰባ፣ የማይሰጥ የኮምፒውተር ፓስዎርድ፣ የማይታረም ስህተት። የሚያስከፋው ደግሞ ውጤቱ ክሱን እውነት ማድረጉ ነው። መረጃ ያልደረሳት ሠራተኛ በእርግጥም ደካማ ሠራተኛ ትመስላለች። "ያለ መልኳ ምንም የላትም" የሚለው ወሬ ማስረጃውን ራሱ ያመርታል።

ዕድገት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ማድሊን ሃይልማንና ሎይስ ሳሩዋታሪ በ1979 እንዳሳዩት፣ ለጸሐፊነት ዓይነት ሥራ ስትታጭ ቁንጅናዋ የሚጠቅማት ሴት ለሥራ አስኪያጅነት ስትታጭ ግን ያው ቁንጅና ይጎዳታል። ጠረጴዛው ፊት እንድትቀመጥ የተፈለገችበት ምክንያት ከጠረጴዛው ጀርባ እንዳትገባ ያደርጋታል። በርትታ ዕድገቱን ብታገኝ እንኳ "እንዴት እንዳገኘችው እናውቃለን" የሚል ይጠብቃታል።

አሁን ጥንቃቄ የሚፈልገው ጋ ደርሰናል። በቆንጆ ሰው ላይ የሚነሳ ቅሬታ ሁሉ ምቀኝነት አይደለም። አንዳንዷ በእውነት ሰው ትንቃለች። አንዳንዱ በእውነት ሥራውን በሌላ ላይ እየጣለ በፈገግታ ያልፋል። "ቀንተውብኝ ነው" የሚለው መልስም እንደ ጋሻ ሊያገለግል ይችላል፤ ይህን ያለ ሰው ስህተቱን ማየት ያቆማል። በሪሴፕሽኑ ምሳሌም ቢሆን ሦስቱ ሴቶች በቲፑ ጉዳይ እውነተኛ ቅሬታ አላቸው፤ ክፍሉን የሚያዘጋጁትም ስልክ የሚቀበሉትም እነሱ ሆነው ገንዘቡ ወደ አንድ ኪስ ይገባል።

ታዲያ በምን ይለያል? እኔ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ክሱ ቀንና ቦታ አለው ወይ? "ማክሰኞ ዕለት ደንበኛ እየጠበቀ ስልክ ታወራ ነበር" ቅሬታ ነው፤ "አያያዟ ደስ አይልም" ግን ስሜት ነው። ቀጥሎ፣ ያንኑ ነገር ሌላዋ ብታደርገው ምን ይባል ነበር? ሌላዋ ስታረፍድ "ታክሲ አጥታ ነው" ከተባለ፣ እሷ ስታረፍድ "ምን አለባት" ከተባለ፣ የተመዘነው ማርፈዷ አይደለም። መጨረሻ ላይ፣ ጥላቻው መቼ ጀመረ? በእሷ ድርጊት ማግስት ነው ወይስ ሌላ ሰው እሷን ባመሰገነ ማግስት? በ10ኛ ክፍሏ ልጅ ላይ የተጀመረው መምህሩ ሰልፍ ላይ ካመሰገናት በኋላ ነበር።

የተጠመደችው ልጅ ራሷ ብዙ ጊዜ የምታደርገው መደበቅ ነው። ሰፊ ልብስ መልበስ፣ ፀጉሯን መሸፈን፣ ዝም ማለት፣ በዕረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ መቅረት። ይህ ብዙ አይጠቅማትም፤ ዝምታዋ "ንቀት" ተብሎ አስቀድሞ ተተርጉሟልና። ከመደበቅ የሚሻለው ከቡድኑ ውስጥ አንዷን ብቻ ለይቶ መቅረብ ነው፤ በሥራ፣ በጥናት፣ አብሮ ወደ ቤት በመሄድ። ቡድን በሩቅ ያለን ሰው በቀላሉ ይጠላል፤ ስለ ታናሽ ወንድሟ ሕመም ያወራችለትን ሰው ግን መጥላት ይከብደዋል። ሥራ ቦታ ላይ ደግሞ የተነገራትንም ያልተነገራትንም በጽሑፍ መያዝ አለባት፤ "ማታ 2 ሰዓት ላይ ርክክብ አድርገናል፣ የተላለፈ መልእክት የለም" የሚል አንድ መስመር፣ ሁለቱም ፈርመውበት።

ትልቁ ሥራ ግን የእሷ አይደለም፣ የመምህሩና የአለቃው ነው። እሳቱን ብዙ ጊዜ የለኮሱት እነሱ ናቸውና። መምህሩ የልጅን መልክና ንጽሕና በሕዝብ ፊት ምሳሌ አድርጎ ባያነሳ፣ የግሩፕ ሥራን ራሱ ቢደለድል፣ የልጆች ምርጫ ላይ ባይጥለው ግማሹ ነገር ይቀላል። የሆቴሉ ሱፐርቫይዘር ቲፑ በአንድ ሳጥን ገብቶ በየሳምንቱ ለአራቱም እኩል እንዲካፈል ቢያደርግ፣ የቁንጅናዋ ትርፍ የሁሉም ይሆናል። ከዚያ በኋላ እንግዳው ወደ እሷ መሄዱ ማንንም አያስኮርፍም። የሺፍት ድልድሉ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ "ለእሷ ቀኑን ሰጣት" የሚባል ነገር አይኖርም። ለዕድገት ሲገመገሙ ነጥቡ አስቀድሞ የተጻፈ፣ ገምጋሚውም ከአንድ በላይ ቢሆን የአንድ ሰው ስሜት ብቻውን አይወስንም። ለምልመላ ደግሞ ፎቶ አለመጠየቅ ምንም ወጪ የለውም።

ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ለማነጋገር ሲነሱ ብዙ አለቆች አንድ ቃል ይቀድማቸዋል፦ "ቀንተሽባት ነው።" ይህን አትበሉ። እውነት ቢሆንም አትበሉ። ምቀኛ የተባለ ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አለመሆኑን ማስረዳት። ለማስረዳት ደግሞ የልጅቷን ጥፋት ይዘረዝራል፤ ጥላቻው ያኔ ይጠነክራል። ስለ ስሜቱ ትታችሁ ስለ ድርጊቱ ጠይቁ። ብቻዋን ጥሯትና፣ ድምፃችሁን ሳታነሱ፣ "እህቴ፣ የእንግዳው መኪና ትናንት ከሰዓት ነው የታዘዘው። ስልኩን ያነሳሽው አንቺ ነበርሽ። ርክክቡ ላይ ለምን አልተጻፈም?" በሏት። ይህ ጥያቄ መልስ አለው። ረስታ ከሆነ ረሳሁ ትላለች፤ ሆን ብላ ከሆነ ደግሞ መታየቷን ታውቃለች፣ ማንም ምቀኛ ሳይላት። በሚቀጥለው ሺፍት መዝገቡን ከፍታችሁ እዩ፤ ተጽፎ ከሆነ ስለ መልክ አንድም ቃል መናገር አያስፈልጋችሁም።